የጋራ ዝንባሌ አይቶ ወሬ መክፈቻ የሚጠቁም ፊቸር፤ ምን ዳታ ጎደለኝ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰዎች አዲስ ጓደኛ የሚያገኙበት ትንሽ አፕ እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው ሲመዘገብ የሚወዳቸውን ነገሮች ይመርጣል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ግን «ሰላም»፣ «ሰላም» ተባብለው እዚያው ይቀራሉ። የሚጋሩትን ዝንባሌ አይቶ ሦስት ወሬ መክፈቻ የሚጠቁም ነገር ጨመርኩ። ሁሌ የሚመጣው ግን «ሁለታችሁም ሙዚቃ ትወዳላችሁ!» ነው። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ተጠቃሚዎቼ 10,000 ገደማ ናቸው። ከስልካቸው ተጨማሪ ዳታ ልሰብስብ ወይስ ያለኝ ይበቃል?

ፈታ በል፦ ወንድሜ አታክብደው። ፎቶዋን እይ፣ ከኋላዋ የሚታየውን ነገር ጠይቃት። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የምጀምረው።

ጀማሪው፦ ኧረ ለራሴ አይደለም! ለአፑ ነው።

ፈታ በል፦ እሺ፣ ይቅርታ። ግን ፎቶው ይሠራል።

ቀመር፦ ችግርህ ሙዚቃ ሁሉም ጋ መኖሩ ነው። ሁሉም የሚወደው ነገር ስለ ሁለቱ ሰዎች ምንም አይነግርህም። እያንዳንዱን ታግ በብርቅነቱ መዝነው። `log10(N/n)` ተጠቀም፤ N ጠቅላላ ተጠቃሚ፣ n ደግሞ ያንን ታግ የመረጡት ናቸው። ሙዚቃን 6,200 ሰው መርጦ ከሆነ ክብደቱ 0.21 ነው። ቼዝን 300 ሰው ከመረጠ 1.52 ይሆናል። ልዩነቱ ይታይሃል።

ሌላው ነገር፣ ሰው ስለ ራሱ የሚሞላውን አትመን። ሲመዘገብ የሚያምርበትን ነው የሚመርጠው። የሚጎበኛቸውን ገጾች፣ የስልክ ማውጫውን፣ ያለበትን ቦታ ሰብስብና እውነተኛ ዝንባሌውን ከዚያ አውጣው።

ኩዌሪ፦ የቀመር የመጀመሪያው ሐሳብ ልክ ነው፤ ሁለተኛው አንገት ያስቆርጣል። በመጀመሪያው ልጀምር።

ብርቅነቱ ልክ ነው። ግን ሦስት ታግ መርጠህ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ሎጋሪዝም ምን ያደርግልሃል? ከጥቂቱ ወደ ብዙው መደርደር ያንኑ ቅደም ተከተል ይሰጥሃል። ክብደቱ የሚያስፈልግህ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች በጠቅላላ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለመደመር ስትፈልግ ነው። ይኸው፦

```sql
SELECT i.id
FROM user_interest a
JOIN user_interest b ON b.interest_id = a.interest_id
JOIN interest i ON i.id = a.interest_id
WHERE a.user_id = :me AND b.user_id = :other
  AND a.visible AND b.visible
  AND i.user_count >= 20
ORDER BY i.user_count
LIMIT 3;
```

20 የሚለው ወለል ነው፤ ቁጥሩን እንደ አፕህ ቀይረው። ብርቅነት ከመጠን ሲያልፍ ታጉ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የፊደል ስህተት ነው ወይ ቀልድ። ደግሞ ለስድስት ሰው ታግ ማን ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይጽፍለታል?

`visible` የሚለው በሁለቱም በኩል መግባቱን ልብ በል። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ተጠቃሚው የደበቀውን ታግ ከፕሮፋይሉ ላይ አጠፋሁለት። ጠቋሚው ግን የሚያነበው ሙሉውን ዝርዝር ነበር። አንዲት ተጠቃሚ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ታግ መርጣ ደብቃው ነበር። ፕሮፋይሏ ላይ የለም። እኔ ግን ለማታውቀው ሰው «ሁለታችሁም ይህን መርጣችኋል» ብዬ ነገርኩት። ጥቆማ ራሱ መረጃ ማውጣት ነው፤ ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ከስልክ መሰብሰቡ አይሆንም። ሰውየው ያልነገረህን ነገር አስልተህ ብታገኝ እንኳ ለሌላ ሰው ማሳየት አትችልም። ማሳየት ካልቻልክ ደግሞ ለወሬ መክፈቻ ምን ይጠቅምሃል? ጥቆማውን ያየ ሰው «ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት መቻል አለበት።

ሌላ ቀዳዳም አለ። አንዱ 200 ታግ መርጦ የሁሉንም ሰው ዝንባሌ በጥቆማው በኩል ሊሰልል ይችላል። ምርጫውን በ10 ወይም በ12 ገድበው።

ጀማሪው፦ ደርድሬው አየሁት፣ ወዲያው ተለወጠ። ሙዚቃ ጠፋ፤ ቼዝ፣ ሥዕል፣ ኮከብ ማየት መጡ። ግን ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ደረቅ ነው። «ሁለታችሁም ቼዝ ትወዳላችሁ።» ከዚያስ?

ኩዌሪ፦ የጎደለህ ዳታ እሱ ነው። ታግ ስም ብቻ ነው። ሰውየው ቼዝ ባለፈው ሳምንት የጀመረ ይሁን፣ 15 ዓመት የተጫወተ ይሁን፣ ሌሎች ሲጫወቱ ማየት ብቻ የሚወድ ይሁን አታውቅም። ታግ ሲመርጥ አንዲት ጥያቄ ጨምር፤ መልሱም አራት ምርጫ ብቻ ይኑረው፦ ገና እየጀመርኩ ነው፣ አዘውትሬ አደርገዋለሁ፣ ማየት እወዳለሁ፣ ድሮ አደርግ ነበር። መዝለልም ይቻል። `user_interest` ላይ አንድ ዓምድ ነው የሚጨምረው።

አሁን ጀማሪና አዘውታሪ ተገናኙ እንበል። ለጀማሪው የምታቀርበው «ቼዝ ገና እየለመድኩ ነው። መጀመሪያ ምን ላይ ማተኮር ይሻላል?» የሚል ነው። ለአዘውታሪው ደግሞ «ከቼዝ እስካሁን በጣም ያስቸገረው ነገር ምንድን ነው?»። የተጋሩት ያው አንድ ታግ ነው፤ ግን እንደ ማን ላኪነቱ ጥያቄው ይለያያል። ሁለቱም «ድሮ» ካሉ ደግሞ ለምን እንደተዉት መጠየቅ ራሱ ጥሩ ወሬ ነው። አየህ፣ ወሬ የሚያስጀምረው መመሳሰሉ ብቻ አይደለም። በመመሳሰሉ ውስጥ ያለው ልዩነትም ነው።

ለ300 ታግ ግን በየግሉ አትጻፍ፤ ታልቃለህ። ታጎቹን በስምንት ወይም በአሥር ዘርፍ መድባቸው፦ ጨዋታ፣ የእጅ ሥራ፣ ንባብ እያልክ። ቴምፕሌት ለዘርፉ ጻፍ። በብዛት ለሚመጡት ለ30ዎቹ ታጎች ብቻ የራሳቸውን ስጣቸው።

አራሚ፦ ቴምፕሌት ከተባለ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ባዶ ቦታ ውስጥ ቃል መሰካት እንደሚመስለው አይደለም። «ትወዳለህ» ነው ወይስ «ትወጃለሽ»? ፆታውን ካልነገሩህ ትሳሳታለህ፤ ሁሉንም «እርስዎ» ካልክ ደግሞ ለጓደኝነት አፕ ደብዳቤ ይመስላል። ሁለተኛ መደብ የሌለበት ጥያቄ ጻፍ። ኩዌሪ «ያስቸገረው ነገር» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። «ን» የሚለውንም ከታጉ ጋር አታጣብቅ፤ «ኮከብ ማየት» የመሰለ ባለ ሁለት ቃል ታግ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩ ይንገዳገዳል።

ታጉን ተጠቃሚው ራሱ እንዲጽፍ ከፈቀድክ ደግሞ «ሥዕል» እና «ስዕል» ሁለት የተለያዩ ታጎች ይሆኑብሃል። የሚጋሩ ሰዎች የማይጋሩ ይመስላሉ። ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ሀን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን ከማወዳደርህ በፊት ወደ አንድ መልሳቸው። ለእይታ ግን የጻፉትን አትንካ።

ኩዌሪ፦ አዎ፣ ለዚያው ነው። እኔ ከዝርዝር ማስመረጡን እመርጣለሁ።

የንቧ፦ እኔ ኮድ አላውቅም፤ ግን የዚህ ነገር ሰለባ ነኝ። አንድ አፕ ላይ ንብ ማነብ እወዳለሁ ብዬ ሞላሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ 14 ሰው «ንብ ነድፎሽ ያውቃል?» አለኝ። ቃል በቃል! ሦስተኛው ላይ አፑ እንደሚጽፍላቸው ገባኝ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላመንኩም፤ አፑን አጠፋሁት። መሣሪያው ለላኪው ብልህ መስሎ ለተቀባዩ ግን ማሽን ነው የሚመስለው።

ቀመር፦ 14 ጊዜ! ይህን አላሰብኩትም። ብርቁን አስቀድም ስንል እሷ ላይ ሁልጊዜ የሚወጣው ንቡ ነው ማለት ነው።

ኩዌሪ፦ በትክክል። የመጀመሪያው መፍትሔ ሁለተኛውን ችግር ወለደ። ሁሉም ሰው የሚፈትሸው ከላኪው በኩል ነው፤ ላኪው ግን ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቆማ ሲታይ አንድ መስመር መዝግብ፦ `sender_id`፣ `receiver_id`፣ `interest_id`፣ `template_id`፣ ሰዓቱ። ከመምረጥህ በፊት ተቀባዩን ጠይቅ። ይህ ቴምፕሌት በ30 ቀን ውስጥ ለእሷ ተልኮ ከሆነ ዝለለው። ያው ታግ በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሄደላት ወደ ቀጣዩ ታግ ውረድ። ንቡ እንዲያርፍ።

ጀማሪው፦ መሥራቱን በምን ልወቅ? ጥቆማውን የሚነኩት ሰዎች ግን በጣም ጨምረዋል።

ኩዌሪ፦ መንካቱን እርሳው። የንቧን 14 ላኪዎች ብትቆጥር ፊቸሩ ግሩም ነው ትል ነበር፤ ሁሉም ነክተዋላ! የሚቆጠረው ተቀባዩ መመለሱ ነው፤ በተለይ ሁለቱም ቢያንስ ሁለት ሁለት መልእክት መላካቸው። ከአሥር ጥንድ አንዱን ደግሞ ያለ ጥቆማ ተወው። የጥንዱን መለያ ቁጥር ለ10 አካፍለህ ቀሪው ዜሮ የሆነውን ብትመርጥ ይበቃል። ያለዚያ ወሬኛ ሰው ራሱ የሚያመጣውን ወሬ ለፊቸሩ ትቆጥርለታለህ። የመልእክቱን ይዘት ማንበብ አያስፈልግህም። ተላከ፣ ተስተካክሎ ተላከ፣ ተመለሰ፤ በቃ። ዝርዝር መዝገቡንም ከ90 ቀን በኋላ አጥፋው።

ጀማሪው፦ ምንም የማይጋሩ ጥንዶችስ?

ኩዌሪ፦ ወደ ዘርፉ ውጣ። አንዱ ቼዝ ሌላው ዳማ ካለ «ጨዋታ» ውስጥ ይገናኛሉ፤ ጥያቄውም ራሱ ይመጣል። ዘርፍም ካልተጋሩ ምንም አታሳይ። በግድ የተፈጠረ መመሳሰል ከዝምታ ይከፋል።

ቀመር፦ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ዓረፍተ ነገሩ መልእክት መጻፊያው ውስጥ ተጽፎ ይጠብቀው። ሰው ሰነፍ ነው፤ ርዕስ ብቻ ብታሳየው ተመልሶ «ሰላም» ነው የሚለው።

የንቧ፦ እኔ ደግሞ ርዕስ ብቻ ይሁን እላለሁ። «ሁለታችሁም ንብ ታንባላችሁ» ብሎ ዝም ይበል። በራሱ ቃል የጠየቀኝን ሰው እመልስለታለሁ፤ አጻጻፉ ቢሰበርም።

ኩዌሪ፦ እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ተጽፎ የሚጠብቀው ብዙ ያስልካል። ርዕሱ ጥቂት ያስልካል፤ ከተላከ ግን የተሻለ ይመለሳል። የቱ እንደሚሻል በአፕህ ተጠቃሚዎች ይወሰናል፤ ለግማሾቹ አንዱን፣ ለቀሩት ሌላውን አሳይና ቁጠር።

ጀማሪው፦ እሺ፣ ከሁለት ቀን በፊት `receiver_id` መመዝገብ ጀምሬአለሁ። ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር፦ አንድ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ስለ ኮከብ ማየት አምስት ጊዜ ተጠይቋል። የንቧ፣ ይቅርታ አድርጊልን።

የንቧ፦ ለእሱ ንገረው እንጂ ለእኔ ምን ያደርግልኛል!