የስንብት ስምምነት ላይ 21 ቀን ብቻ ሰጥተውኛል፤ ልፈርም ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የአሜሪካን የሥራ ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ዕድሜዬ 52 ነው። በአንድ ቀን ከሌሎች 6 ሠራተኞች ጋር ተቀነስን። የ8 ሳምንት ደመወዝ ሊሰጡኝ ነው፤ በምትኩ የዕድሜ መድልዎን ጨምሮ ማንኛውንም የመክሰስ መብት ትቻለሁ ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ለማሰቢያ 21 ቀን፣ ከፈረምኩ በኋላ ሐሳቤን ለመቀየር 7 ቀን ይላል።

እኔ እስከማውቀው፣ 40 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ 21 ቀን የሚበቃው ለብቻው ሲሰናበት ነው። በቡድን ቅነሳ 45 ቀን ያስፈልጋል፤ የተቀነሱትና የቀሩት ሠራተኞች የሥራ መደብና ዕድሜ ዝርዝርም በጽሑፍ መሰጠት አለበት። እኔ ይህ ዝርዝር አልደረሰኝም።

እንዲህ ጎድሎ ብፈርም በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብቴን አላጣም። የሚያስጨንቀኝ የዘርና የትውልድ አገር መድልዎ ጉዳይ ነው፤ የ45 ቀኑ ግዴታ እነዚህን ስለማይመለከት ፊርማዬ ሊዘጋቸው ይችላል። ደግሞም ያልተከፈለኝ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፤ ስምምነቱ «ሁሉም ተከፍሎኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቷል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ዝርዝሩን በኢሜይል ብጠይቅ ገንዘቡን መልሰው ሊያነሱት ይችላሉ? ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዙልኝ ማለትስ የተለመደ ነው? የቀረኝ 9 ቀን ነው።