የጀበናው እንፋሎት ቪዲዮው ሲደገም እንዳይዘል ምን ላድርግ?

ሜሮን፦ ለቡና ቤቴ 10 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጫለሁ። ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ እንፋሎት ይወጣዋል። አልቆ እንደገና ሲጀምር ግን እንፋሎቱ ይዘላል። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር እንዴት ላገጣጥመው? የምሠራው በስልኬ፣ በካፕከት ነው።

ብሩክ፦ ቀላል ነው። ቪዲዮውን ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ወደ ኋላ እንዲሄድ ገልብጠሽ ከኋላው ቀጥዪው። ሄዶ ይመለሳል፣ መጋጠሚያው አይታወቅም።

ሰናይት፦ ብሩክ ያለው ለሚወዛወዝ ነገር ይሆናል፤ ለመጋረጃ፣ ለቅጠል። እንፋሎት ግን ተመልሶ ጀበናው ውስጥ ሲገባ ይታያል። ሜሪ፣ እንዲህ አድርጊ። ቪዲዮውን 5ኛው ሰከንድ ላይ `Split` በዪው። ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ አስቀድሚና የመጀመሪያውን ከኋላው አድርጊው። አሁን የሚያልቅበትና የሚጀምርበት ቦታ ድሮም ተከታትሎ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ ሲደገም አይዘልም።

ዝላዩ ግን አልጠፋም፣ መሃል ገብቷል። እዚያ ላይ አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ የሚመጣበትን ትራንዚሽን አድርጊ፣ ለ1 ሰከንድ ያህል። ሁለቱ ስለሚደራረቡ ቪዲዮው 9 ሰከንድ ይሆናል። እንፋሎት ቁርጥ ያለ ቅርጽ ስለሌለው ቢደራረብም አያስታውቅም።

ሜሮን፦ ሞከርኩት፣ መጋጠሚያው ጠፋ! ግን መሃል ላይ ጀበናው ራሱ ለአፍታ ሁለት ይሆናል። ብርሃኑም ይቀየራል።

ሰናይት፦ በእጅሽ ይዘሽ ነው የቀረጽሽው አይደል? ስልኩ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ሁለቱ ጀበናዎች አይገጥሙም። ብርሃኑን ደግሞ ስልኩ ራሱ እያስተካከለው ነው። ይሄን በኤዲቲንግ ከመታገል ደግሞ መቅረጽ ይሻላል። ስልኩን ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፊው። ጀበናው ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ቆዪ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። አይፎን ከሆነ `AE/AF LOCK` ይልሻል።

ካሳሁን፦ እኔ ደግሞ ቡና ሲቀዳ ነው የቀረጽኩት። ግማሹን ከግማሹ ብለዋውጠውም ሞልቶ የነበረው ሲኒ መሃል ላይ ባዶ ይሆናል።

ሰናይት፦ ጋሽ ካሳሁን፣ የእርስዎ ይለያል። እንፋሎቱ ሁሌም ያው ነው፣ ሲኒው ግን እየሞላ ይሄዳል። የሞላውን ከባዶው ጋር ቢያደራርቡት ቡናው ሲሟሽሽ ይታያል። ሲኒውን ከእይታ ያውጡትና ከጀበናው አፍ የሚወርደውን ቀጭን ቡና ብቻ ይቅረጹ።

ብሩክ፦ ወይም ሲኒው ሲሞላ እጅዎን ካሜራው ፊት ያሳልፉ። ሲጀምርም እጅ ሲያልፍ ይሁን። ቆረጣው እጁ ሁሉን ሲሸፍን ነው።

ሰናይት፦ እሱም ይሠራል። እጁ በሁለቱም ጊዜ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍጥነት ይለፍ እንጂ።

ሜሮን፦ ስልኩን ሳጥን ላይ አስደግፌ ደግሜ ቀረጽኩ። ጀበናው አንድ ሆነ፣ ብርሃኑም ረጋ! መጨረሻው ላይ ግን የአፑ አርማ ብቅ ይላል።

ብሩክ፦ እሱን አፑ ራሱ ነው የሚጨምረው። ከመጨረሻው ላይ ነክተሽ አጥፊው።

ሜሮን፦ ጠፋ፣ ተባረክ። አሁን የቀረኝ ድምፁ ነው። ከኋላ ሰው ያወራል፣ መሃል ላይ ሁለት ወሬ ይደራረባል። የከሰሉን የመንጣጣት ድምፅ ግን ማጥፋት አልፈለግኩም። ለብቻው ልቅዳው ይሆን?