ከአርቢትረም የላክሁት 150 ዩኤስዲሲ ቤዝ ላይ አልደረሰም፤ የት ነው ያለው?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ትናንት ማታ 150 ዩኤስዲሲ ከአርቢትረም ወደ ቤዝ በብሪጅ ላክሁ። 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነጋ።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። የትራንዛክሽን ሃሹን Arbiscan ላይ ስፈልገው Success ይላል። ዝርዝሩን ስከፍት ደግሞ 150ው ከእኔ ወጥቶ ወደ ዜሮ አድራሻ ሄዷል፤ 0x ብሎ ከዚያ በኋላ ዜሮ ብቻ። መጀመሪያ ክው አልኩ። በኋላ እንደገባኝ ግን ይህ ብሪጅ ገንዘቡን እዚህ አቃጥሎ እዚያ አዲስ ነው የሚያትመው፣ ስለዚህ መቃጠሉ ጤነኛ ነው።

ከዚያ አድራሻዬን BaseScan ላይ አስገባሁ። የቶክን ዝውውሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ዋሌቴ ደብቆት ሳይሆን ገና አልታተመም ማለት ነው።

የብሪጁን ገጽ መልሼ ስከፍት Claim የሚል ቁልፍ አለ። ስነካው ለጋዝ የሚሆን ኢተር የለህም ይላል። እውነትም ቤዝ ላይ ሰባራ ሳንቲም የለኝም፤ ያለችኝ ኢተር አርቢትረም ላይ ናት።

ጥያቄዬ፦ የቀረው ይህ ብቻ ነው? ትንሽ ኢተር ወደ ቤዝ ባስገባ ያልቃል? ወይስ ጓደኛዬ በራሱ ዋሌት ጋዙን ከፍሎ ቢያሳትመው ገንዘቡ ወደ እኔው አድራሻ ይመጣል? ስለዘገየሁስ የሚያልፍበት ጊዜ አለ?

(ቴሌግራም ላይ «12ቱን ቃላት ላክና ላስተካክልልህ» ያለኝን ሰውዬ ብሎክ አድርጌዋለሁ፤ እሱን አትምከሩኝ።)