«አሮጌ ኩሬ ሆይ»፦ ይሄ «ሆይ» ምን ይሠራል?

ጥቁር ቀለም፦ የጃፓናዊውን ገጣሚ የባሾን የእንቁራሪት ሃይኩ፣ ያቺን አጭር ግጥም፣ አንዱ ወደ አማርኛ እንዲህ መልሶታል፦ «አሮጌ ኩሬ ሆይ፤ እንቁራሪት ዘላ ገባች፤ የውሃ ድምፅ»። ጃፓንኛው «ፉሩኢኬ ያ፣ ካዋዙ ቶቢኮሙ፣ ሚዙ ኖ ኦቶ» ነው። «ሆይ» ከየት መጣ? ኩሬ ይጠራል እንዴ?

የዋድላ ልጅ፦ ግልጽ ነው። «ያ» የዐረቦቹ «ያ» ነው፤ «ያ ሀቢቢ» እንደሚሉት። በግዕዝ «ኦ» ነው። ተርጓሚው ልክ ነው።

አሳላፊ፦ አንተ ደግሞ ጃፓንን ከነገደ ሴም ቆጠርካት 😀

እትዬ ብራና፦ ልጆች፣ እዚህ «ያ» ጥሪ አይደለም፤ መቁረጫ ነው። «ካና» እና «ኬሪ»ም አሉ። ግጥሙ እዚያ ላይ ይሰበራል። ከቁርጡ በፊት ኩሬው ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ ዝላዩ ይመጣል። ባሾ ሁለቱን በ«ስለዚህ» አላሰራቸውም፤ ማገናኘቱን ለአንባቢ ተወው። ቁርጡን አጥፉና «እንቁራሪት አሮጌ ኩሬ ውስጥ ስትዘል ውሃው ጮኸ» በሉ። ወሬ ሆነ፣ አይደል?

ማር ሰፈፍ፦ እኔ ለእህቴ ሠርግ አንድ ሃይኩ ጽፌ ነበር። በሦስቱ ስንኝ 5-7-5 ፊደል ቆጥሬ ልክ መጣ። ግን «ን» ለብቻዋ ትቆጠራለች?

እትዬ ብራና፦ እነሱ ይቆጥሯታል። የሚረዝም ድምፅም ሁለት ነው፤ ቶኪዮ ለእነሱ አራት ናት። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ለእነሱ አቆጣጠር ይቀርባል። ግን ቁጥሩን አታምልኪው። ባሾ በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ስላረፈው ቁራ ሲጽፍ የመሃሉ ስንኝ ዘጠኝ ነው። ለመሆኑ የሠርጉ ግጥም የት ላይ ይቆረጣል?

ማር ሰፈፍ፦ አይቆረጥም። «ሙሽሪት ደስ ይበልሽ» ነው የሚለው 🙈

የዋድላ ልጅ፦ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው። ኩሬው ዓለም፣ እንቁራሪቷ ነፍስ። ጉባኤ ቃና ብታደርጉት ያምራል።

እትዬ ብራና፦ ወርቅ ፍለጋ ኩሬውን አታድርቅብን። እንቁራሪቷ እንቁራሪት ናት።

አሳላፊ፦ እንቁራሪት ከተባለ ግን ክረምት ነው። የሐምሌ ማታ ጩኸቷ!

እትዬ ብራና፦ ለእኛ አዎ። ለጃፓን አንባቢ ግን «ካዋዙ» ሲባል ጸደይ ገባ ማለት ነው። ቃላቱን በየወቅቱ የሚዘረዝር መዝገብ አላቸው። የባሾ ድፍረትም እዚህ ነው። የጥንት ገጣሚዎች የእንቁራሪትን ዜማ ነበር የሚያወድሱት። እሱ በ1686 እ.ኤ.አ. ዜማዋን ትቶ አዘለላት። ተማሪው ኪካኩ በ«አሮጌ ኩሬ» ፋንታ ቢጫ አበባ ይግባ ብሎት ነበር ይባላል። አበባውም የጸደይ ነው፤ በድሮ ግጥም ከእንቁራሪት ጋር የተለመደ ጥንድ። ባሾ ግን ኩሬውን መረጠ።

ጥቁር ቀለም፦ እና «ሆይ»ን በድርብ ሰረዝ ልተካው?

የዋድላ ልጅ፦ ቆይ፣ ጸደይ የቱ? በባሕረ ሐሳብ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። መስከረምን ጸደይ የሚል የሬዲዮ ሰው ነው።

አሳላፊ፦ አደይ አበባ በሰኔ ልታበቅልልን ነው?

የዋድላ ልጅ፦ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ይባላል ወንድሜ። ድጓ ተማር።

ማር ሰፈፍ፦ የኔ የልጅ ስም ጸደይ ነው። የተወለደችው ጥቅምት ላይ። አሁን ምን ልበላት?