ካርባማዜፒን ቆዳዋን ላጠው፣ አሁን ደግሞ ፌኒቶይን ታዘዘላት፤ እባካችሁ እርዱኝ

እህቴ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ጀመረች። በ12ኛው ቀን አተኮሳት፤ ዓይኗ ቀላ፣ ከንፈሯ ቆሰለ። ጉንፋን መስሎን ሁለት ቀን ክኒኑን ቀጠለች፤ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ደረቷ ላይ ውሃ ቋጠረ። ልብሷን ሳወልቅላት ቆዳዋ እንደ እርጥብ ወረቀት ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ሆስፒታል መድኃኒቱን ወዲያው አቁመው አስተኟት፤ «ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም» ነው አሉን።

አሁን ቁስሏ እየደረቀ ነው፣ ተመስገን። ግን ሌላ ክሊኒክ ፌኒቶይን አዘዘላት። ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ከካርባማዜፒን ጋር ስለሚቀራረቡ ያው ነገር ሊደገም ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። ክኒኑን አልሰጠኋትም፤ ያለ መድኃኒት ደግሞ እንዳይጥላት ፈራሁ። ሌቪቲራሴታም ይሻላት ይሆን? ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው? ዓይኗም እስካሁን ብርሃን አይችልም። የምታውቁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።