ለትልቅ ፕሮፌሰር ኢሜይል መጻፍ ፈራሁ

ተመራቂው፦ የማስተርስ መመረቂያዬ በአንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። ጽሑፋቸው ተሳታፊዎቹ 412 ናቸው ይላል፣ ሠንጠረዥ 3ን ስደምር ግን 398 ይመጣል። ልጠይቃቸው ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ ግን ይኸው ሦስት ቀን መላክ አቃተኝ። ድፍረት ይመስልብኝ ይሆን?

የድሮ ረዳት፦ ሁለት ዓመት የአንድ ፕሮፌሰርን ኢሜይል ሳጣራ ነበር። መልስ አጥቶ የሚቀረው ደፋሩ ሳይሆን ረጅሙ ነው። ስብሰባ መሀል ስልካቸው ላይ ይከፍቱታል፣ ጥያቄው የቱ ጋ እንዳለ ካልታያቸው «በኋላ» ብለው ያልፉታል፣ ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። መጀመሪያ የሠንጠረዡን ግርጌ፣ አባሪውን፣ መጽሔቱ እርማት አውጥቶ እንደሆነም እይ። እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ካቋረጡ ሰዎች ነው የሚመጣው። እዚያ ካጣኸው ርእሱን «ስለ ሠንጠረዥ 3 አንድ ጥያቄ» በለውና ይህን ላክ፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ መመረቂያዬን የምሠራው የእርስዎን ጥናት መነሻ አድርጌ ነው። ጽሑፉ ላይ ተሳታፊዎቹ 412 ናቸው፣ ሠንጠረዥ 3 ላይ ግን ድምሩ 398 ይሆንብኛል። ግርጌውንና አባሪውን አይቻለሁ። 14ቱ የቀሩት መረጃቸው ስላልተሟላ ነው ወይስ ያላስተዋልኩት ነገር አለ? ከአክብሮት ጋር»

ከዚያ ስምህና ትምህርት ክፍልህ። «ስህተት አገኘሁ» አላልክም፣ እሳቸውም «አዎ፣ ስላልተሟላ ነው» ብለው በአንድ መስመር መገላገል ይችላሉ።

ሰላምታ ይቅደም፦ ምነው፣ ይሄማ ደረቅ ነው! ማዕረጋቸውን አስተካክለህ ጥራ፣ ሥራቸውን በደንብ አመስግን፣ አማካሪህንም ግልባጭ ውስጥ አስገባ። ያኔ ዝም አይሉህም።

የድሮ ረዳት፦ በማዕረጉ እስማማለሁ፣ የተሳሳተ ማዕረግ ያስቀይማል። ምስጋናው ሦስት አንቀጽ ሲሆን ግን ጥያቄውን ይውጠዋል። አማካሪህን ቀድመህ አማክረው፣ ግልባጩ ግን ለአንዲት ጥያቄ ሽማግሌ ይዞ እንደመሄድ ነው።

ሰላምታ ይቅደም፦ እኔ ግን በግልባጭ ነው መልስ ያገኘሁት።

ደሞዝተኛው፦ እኔም የአለቃዬን አለቃ ሊፍት ውስጥ አግኝቼ ጭማሪ ጠየቅኩ። «በጽሑፍ አምጣው» አለኝ። ይኸው ስድስት ወር፣ አልጻፍኩም።

ተመራቂው፦ 😂 ዝም ካሉኝስ?

የድሮ ረዳት፦ አሥር ቀን ጠብቅና በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ጨምረህ አንዴ ብቻ አስታውስ።

ቁጥር ወዳጅ፦ ቆይ፣ ለምን ለእሳቸው? ሠንጠረዡን የሠራው ብዙ ጊዜ ከጸሐፊዎቹ ስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው ወጣት ተመራማሪ ነው። እኔ ብሆን ለእሱ ነበር የምጽፈው።

የድሮ ረዳት፦ እውነትህን ነው፣ የመጀመሪያው ስም የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ተመራቂው፦ የእሳቸው ነው። ግርጌውም ላይ ምንም የለም። አራት ቦታ «ስለማስቸግርዎ ይቅርታ» ብዬ ነበር፣ ሦስቱን አጥፍቼ ላክሁት።