የሬአክተር ገንዳ ለምን ሐምራዊ ሳይሆን ሰማያዊ ይበራል?

ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ በስልኩ የሬአክተር ገንዳ ፎቶ አሳይቶኝ «ቲቸር፣ ውሃው ለምን እንዲህ ይበራል?» ሲለኝ ግማሹን መልሼ ቀረሁ።

ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ በ1.33 ስለሚካፈል ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ የፈጠነ ኤሌክትሮን፣ ሞተር ጀልባ ጣና ላይ እንደሚተወው ሹል ማዕበል፣ ብርሃን ከኋላው ይዘረጋል። ለዚህ ኤሌክትሮኑ ቢያንስ የሚያስፈልገውን ጉልበት፣ ማለትም ወሰኑን፣ በ½mv² ሳሰላ 0.14 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት መጣልኝ። ሰሌዳውን በጠመኔ ከሞላሁት በኋላ ነው ለዚህ ፍጥነት የኒውተን ቀመር እንደማይሆን ትዝ ያለኝ፤ በአንስታይን ቀመር 0.26 ገደማ ነው።

ኤሌክትሮኑን የሚያፈጥነው በአብዛኛው የነዳጁን የብረት ሽፋን አልፎ የሚወጣው ጋማ ጨረር ነው። የሲዚየም 137 ጋማ 0.662 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አለው፤ ኤሌክትሮን ሲገጭ ቢበዛ 0.48 ይሰጠዋል። ወሰኑን ያልፋል፣ እስከዚህ ደህና ነኝ።

የተጣበቅሁት ቀለሙ ላይ ነው። የፎቶኖቹ ብዛት ለሞገድ ርዝመት ካሬ ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ 400 ናኖሜትር አካባቢ 700 ላይ ካለው 3 እጥፍ ይሆናል። 400 ግን ሐምራዊ ነው! ዓይናችን ለሐምራዊ ደካማ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ውሃውም ቀዩን ይውጣል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? አንድ ክንድ ብቻ ውሃ ቢኖር ቀለሙ ይለወጥ ነበር? የምታውቁ እባካችሁ ስሌቱን አሳዩኝ፤ ልጁ ሰኞ ይጠብቀኛል።